ሺህ ሰብስክራይበር ከሞላ በኋላ፦ ገንዘቡ በማን ስም ይውጣ?

ደሴ ውስጥ ሁለት የዩቲዩብ ሰዎች ሲገናኙ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሰብስክራይበር ደረስክ?» የሚል ነው። እኔን ዛሬ ሰው ሲያማክረኝ ግን ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። «አድሴንሱን በማን ስም ልትከፍት ነው? ሰውየውስ የት አገር ነው የሚኖረው?» እላለሁ። አድሴንስ ማለት ጉግል የዩቲዩብን ገንዘብ የሚከፍልበት መለያ ነው። ብዙዎቹ ግር ይላቸዋል። ገና ሦስት መቶ ተከታይ ይዘው ስለ ባንክ ማውራት የቸኮለ ይመስላቸዋል። እኛ አገር ግን ነገሩ የሚያልቀው እዚያ ጋ ነው።

ቻናሌ የወሎን ገበያና የገጠር ሥራ የሚያሳይ ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ፣ የሐይቅ ዓሣ አጥማጆች፣ የማሽላ አጨዳ፣ እንዲህ ያለ ነገር። ከተመልካቾቼ ብዙው ከአገር የወጣ የወሎ ልጅ ነው፤ አሜሪካም አረብ አገርም ያለ። ኋላ ስለ ታክስ ሳወራ ስለሚያስፈልግ ይህን ያዙልኝ። የጀመርኩት በ2014 ነው፤ ጦርነቱ ከከተማችን ከወጣ በኋላ፣ በአንድ ስልክና በአንዲት ትንሽ ማይክ።

መጀመሪያ መስፈርቱን ላስረዳ። ዩቲዩብ በቪዲዮ ላይ ከሚወጣ ማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያካፍላችሁ 1,000 ሰብስክራይበር ያስፈልጋል። በዚያ ላይ ከሁለት አንዱን ታሟላላችሁ፦ ባለፉት 12 ወራት 4,000 የእይታ ሰዓት፣ ወይም ባለፉት 90 ቀናት 10 ሚሊዮን የሾርት ቪዲዮ እይታ። ከፈረንጆቹ 2023 ወዲህ ዝቅ ያለ ደረጃም ተጨምሯል። በ500 ሰብስክራይበር፣ በ3,000 ሰዓትና በ90 ቀን ውስጥ በተጫኑ ሦስት ቪዲዮዎች ይገባል። እሱ ግን ከተመልካች የሚመጣ ስጦታና የአባልነት ክፍያ እንጂ የማስታወቂያ ገንዘብ አያስገኝም። ስለዚህ ሰው «ሞኒታይዝ ሆንኩ» ሲላችሁ በየትኛው ደረጃ እንደሆነ ጠይቁት።

ብዙ ሰው የሚደክመው በሰብስክራይበሩ ሳይሆን በሰዓቱ ነው። 4,000 ሰዓት ማለት 240,000 ደቂቃ ነው። አንድ ተመልካች በአማካይ አምስት ደቂቃ ከቆየላችሁ 48,000 እይታ ያስፈልጋችኋል። ሁለት ደቂቃ ብቻ ከቆየ 120,000 ይሆናል። ይህን ሒሳብ ከሠራሁ በኋላ ሥራዬን ቀየርኩ። የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ከማብዛት የባቲን ገበያ ከማለዳ እስከ ቀትር ተከትዬ ሃያ ደቂቃ ማድረግ ይሻላል አልኩ። አንድ ግመል ሻጭና ገዢ ዋጋ ሲከራከሩ ሳልቆርጠው ተውኩት። ከዚያ በፊት ከሠራሁት ሁሉ ብዙ ሰዓት ያመጣው እሱ ሆነ። እንግዲህ ሰው ክርክር ይወዳል።

የማይቆጠረውንም እወቁ። በሾርት ገጹ ላይ የሚታይ ቪዲዮ ከ4,000ው ሰዓት ውስጥ አይገባም። ማስታወቂያ ከፍላችሁ ያመጣችሁት እይታም እንዲሁ። ቪዲዮውን ካጠፋችሁት ወይም ከሕዝብ እይታ ከሰወራችሁት ሰዓቱ አብሮ ይሄዳል። ቀጥታ ስርጭት የሚቆጠረው ቅጂው ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቆየ ነው። ስለዚህ «ያ ቪዲዮ ጥራቱ ያሳፍራል» ብላችሁ የድሮ ሥራችሁን ለማጥፋት አትቸኩሉ። ደግሞ በአናሊቲክሱ የምታዩት ጠቅላላ ሰዓትና ለመስፈርቱ የሚቆጠረው አንድ አይደሉም። ትክክለኛው በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ `Earn` የሚለው ገጽ ላይ ያለው ነው። ሁልጊዜ እሱን እዩ።

«ባለፉት 12 ወራት» የሚለው ሐረግ ነው እኔን ያስቸገረኝ። ሰዓቱ እንደ ቁጠባ ሒሳብ እየተደመረ የሚቀመጥ አይደለም። የዛሬ ዓመት ያገኛችሁት ሰዓት ዛሬ ከቁጥሩ ይወጣል። በ2015 ክረምት መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ወደ 2,900 ሰዓት ደርሼ ነበር። ቪዲዮ መጫን አልቻልኩም። ተመልካቾቼ ውጭ ስለሆኑ የድሮውን ማየታቸውን አልተዉም፤ አዲስ ነገር ግን አልነበረም። በአንድ በኩል አዲሱ ሰዓት እየቀነሰ፣ በሌላ በኩል ያለፈው ዓመት ሰዓት እየወጣ ቁጥሩ ወደ 1,700 ወረደ። ምንም ሳታጠፉ ወደኋላ መሄድ ማለት ይህ ነው።

መፍትሔው እንደ ድሮው ዘመን በሰው መላክ ሆነ። የተቀናበረውን ቪዲዮ በፍላሽ አድርጌ መንገድ ሲከፈት ወደ አዲስ አበባ ከሚሄድ ሰው ጋር እሰዳለሁ። እዚያ ያለ የአጎቴ ልጅ ይጭናል። ለዚህ የጂሜል የይለፍ ቃሌን መስጠት አላስፈለገኝም። በስቱዲዮ ውስጥ ለሌላ ሰው የአርታኢነት ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ቪዲዮ ይጭናል፣ ቻናሉን መሰረዝ ግን አይችልም። እናንተም የይለፍ ቃላችሁን ለማንም አትስጡ፤ ፈቃድ ስጡ። እንዲህ አድርገን በየጊዜው አንድ ረጅም ቪዲዮ ብናወጣ ቁልቁል መውረዱ ቆመ። አንድ ነገር ልጨምር። ሞኒታይዝ ከሆናችሁም በኋላ ለስድስት ወር ያህል ምንም ካልጫናችሁና የማኅበረሰብ ጽሑፍም ካላወጣችሁ ዩቲዩብ ክፍያውን ሊያቆም ይችላል። ኢንተርኔት ሊቋረጥባችሁ የሚችል አካባቢ ካላችሁ ከወዲሁ የሚጭንላችሁ ሰው ይኑራችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህ ገንዘብ የሚካፈልበት የዩቲዩብ ፓርትነር ፕሮግራም በሁሉም አገር የለም። ዩቲዩብ ፕሮግራሙ የሚሠራባቸውን አገሮች ዝርዝር አውጥቷል። እኔ ባመለከትኩበት ጊዜ ኬንያ፣ ግብፅ፣ ናይጄሪያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ አሉበት፤ ኢትዮጵያ አልነበረችም። የቻናሉ አገር ኢትዮጵያ ከሆነ መስፈርቱን ብትሞሉም `Earn` ገጽ ላይ ማመልከቻው አይከፈትም። ዝርዝሩ እየተጨመረበት የሚሄድ ስለሆነ ከምንም ነገር በፊት የዛሬውን ከዩቲዩብ የእገዛ ገጽ ተመልከቱ። ቲክቶክም እንደዚሁ ነው። በእይታ የሚከፍለው ፕሮግራሙ 10,000 ተከታይና በ30 ቀን 100,000 እይታ ይጠይቃል፤ የሚሠራውም በጥቂት አገሮች ብቻ ነው። ቁጥሩን ሞልቶ አገሩ ስለማይፈቀድለት የቆመ ልጅ ብዙ አውቃለሁ።

በዚህ ክፍተት ነው ደላሎቹ የሚገቡት። «በእኔ አድሴንስ አገናኝልሃለሁ፣ ሠላሳ በመቶ ትሰጠኛለህ» ይላሉ። ኮምቦልቻ ያለ አንድ ጓደኛዬ የማያውቀው ሰው አድሴንስ ላይ ቻናሉን አገናኘ። ለተወሰኑ ወራት ብር ተላከለት። ከዚያ ሰውየው ስልኩን ዘጋ። ጓደኛዬ በስቱዲዮው ገቢውን ያያል፣ ገንዘቡ ግን የሚሄደው ወደ ሰውየው ባንክ ነው። ለማን ይከሳል? ውል የለ፣ ስም የለ። አድሴንሱን ለመቀየርም ሌላ ሕጋዊ አድሴንስ ያስፈልገዋል፤ የተገናኘውን መቀየር የሚቻለውም በ32 ቀን አንዴ ብቻ ነው። በቪፒኤንና በሐሰት አድራሻ የሚከፍቱም አሉ። እነሱን አድራሻ ማረጋገጫው ጋ ሲደርሱ ታገኟቸዋላችሁ። መለያው ሲዘጋ የተጠራቀመው ገንዘብ አብሮ ሊቀር ይችላል።

እኔ ታላቅ እህቴን ጠየቅኩ። ዱባይ የውበት ሳሎን ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች፤ የራሷ መኖሪያ ፈቃድና የራሷ የባንክ ሒሳብ አላት። «እታለም፣ ስምሽን ላውሰው?» አልኳት። «ስም አይዋስም፤ ከገባሁበት ባለቤት ሆኜ ነው» አለችኝ። ልክ ነበረች። ዩቲዩብም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ቻናሉን በእውነት የሚይዝ፣ ፕሮግራሙ ባለበት አገር የሚኖር ሰው። ስለዚህ ቻናሉን የሁለታችን አደረግነው። እሷ ዋና ባለቤት፣ እኔ ቪዲዮ ቀራጺና አርታኢ። አስተያየቶችን የምትመልሰው እሷ ናት፤ ገቢው በስሟ ነው። ድርሻችንንም ጽፈን ተፈራረምን። የእናት ልጅ መሆን ከወረቀት አያስቀርም። የአሠሪዋንና የአገሩን ሕግ በተመለከተም ከደመወዝ ውጭ ገቢ ማግኘት ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድማ አጣራች። እናንተም በምትጠይቁት ዘመድ በኩል ይህን ሳታጣሩ አትጀምሩ፤ ችግሩ የሚመጣው በእሱ ላይ ነውና።

ቻናሌ ከአንድ ሰው በላይ ሊይዘው በሚችል የጉግል መለያ፣ በብራንድ አካውንት ላይ ስለነበር ማስተላለፉ ቀላል ነበር። መጀመሪያ ባለቤት አድርጌ ጨመርኳት። ዋና ባለቤት ማድረግ የሚቻለው ከተጨመረች ሰባት ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ በስቱዲዮው `Settings` ውስጥ የመኖሪያ አገሩን ወደ እሷ አገር ቀየርን። ይህን ሁሉ ያደረግነው ከማመልከታችን በፊት ነው።

በ2017 መጀመሪያ ሰዓቱ ሞላ፤ አመለከትን። የምርመራው ጊዜ ብዙውን ጊዜ እስከ አንድ ወር ይወስዳል። መርማሪዎቹ የሚያዩት ቁጥሩን ብቻ አይደለም። የቻናሉን ዋና ጭብጥ፣ ብዙ የታዩትን ቪዲዮዎችና አዳዲሶቹን ያያሉ። ከሌላ ሰው የተወሰደ ነገር በብዛት ካለ «ሪዩዝድ ኮንቴንት» ብለው ይመልሱታል። ወሎ ላይ ይህ የሚያጠምደው መንዙማና የባህል ዘፈን የሚያሰባስቡ ቻናሎችን ነው። ከካሴት የተቀዳ መንዙማ ላይ የመስጊድ ፎቶ ለጥፎ መጫን መቶ ሺህ እይታ ያመጣል፤ ምርመራውን ግን አያልፍም። የምትወዱት ከሆነ አዛውንቱን ራሳችሁ ቅረጹ፣ ፈቃድ ጠይቁ፣ ታሪኩን አስነግሩ።

እኛን ያስጨነቀን ትንሽ ነገር ነበር። ባቲ ገበያ ስቀርጽ ከአንድ ሱቅ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ዘፈን ገብቶ «የቅጂ መብት ጥያቄ» መጣብን። እህቴ ደንግጣ ደወለች። «አብሽሪ» አልኳት። ይህ ጥያቄ ቅጣት አይደለም፤ ሰዓቱም አይሰረዝም። የዚያ ቪዲዮ ገቢ ግን ወደ ዘፈኑ ባለመብት ይሄዳል። በስቱዲዮው ውስጥ ዘፈኑን ድምፅ አልባ ማድረግ ወይም ያን ክፍል መቁረጥ ይቻላል። ቪዲዮውን ሳናወርድ ዘፈኑን ብቻ አጠፋነውና ጥያቄው ተነሣ። ወደ ማመልከቻው ስንመለስ፣ ካልተቀበሏችሁ ይግባኝ ለማለት 21 ቀን አላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሰበት ሰው ከ30 ቀን በኋላ እንደገና ማመልከት ይችላል። በመሐል ችግር የሚያስነሳውን ቪዲዮ አስተካክሉ እንጂ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ።

ከዚያ አድሴንስ። እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ለአንድ ሰው አንድ አድሴንስ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ዘመዳችሁ ድሮ ለብሎግ ብሎ የከፈተው ካለ ሁለተኛው አይፈቀድም፤ ያንኑ መጠቀም ነው። ሁለተኛ፣ ስሙ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ በፓስፖርቱ ላይ `Seid` ያለው በባንኩ `Seyid` ሆኖ ይገኛል። የእህቴም ባንክ የአያቷን ስም ትቶት ነበር። ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት ሄዳ አስተካከለች። ሦስተኛ፣ የአድሴንሱ አገር በኋላ አይቀየርም። ሌላ አገር ከተዛወረች ያንን ዘግቶ አዲስ መክፈት ነው።

ገቢው 10 ዶላር ሲደርስ ማንነትና አድራሻ ማረጋገጥ ይጠየቃል። ማንነቱ በፓስፖርት ወይም በነዋሪነት መታወቂያ ያልቃል። አድራሻው ግን በፖስታ በሚላክ ባለ ስድስት አሃዝ ፒን ነው። ትንሽ ተራ ፖስታ ናት፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ትወስዳለች። ችግሩ ዱባይ ደብዳቤ በአብዛኛው የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው፤ የቤት ቁጥር ብቻ ከጻፋችሁ ፖስታው ይጠፋል። እህቴ የራሷ ሣጥን የላትም። የሳሎኑን ባለቤት አስፈቅዳ የድርጅቱን የፖስታ ሣጥን ቁጥር በአድራሻው ላይ ጻፈች፤ ደብዳቤ ለሚያመጣውም ልጅ ስሟን በወረቀት ጽፋ ሰጠችው። በሰው ቤት የምትሠራ እህት ያላችሁ ይህን አስቀድማችሁ ከአሠሪዎቿ ጋር ጨርሱ። ፒኑ ካልመጣ እንደገና ማስላክ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ከተላከ አራት ወር ካለፈ ግን ማስታወቂያው ይቆማል።

ታክሱን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዩቲዩብ የአሜሪካ ድርጅት ስለሆነ ከአሜሪካ ተመልካች በሚገኘው ገቢ ላይ ታክስ ይቆርጣል። አሜሪካ ለማይኖር ግለሰብ ቅጹ `W-8BEN` ይባላል፤ አድሴንስ ውስጥ ነው የሚሞላው። ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት የሌለው አገር ነዋሪ ከሆናችሁ የሚቆረጠው 30 በመቶ ነው፤ ግን ከአሜሪካ ተመልካች ከመጣው ላይ ብቻ። ቅጹን ካልሞላችሁ ከጠቅላላው የዓለም ገቢያችሁ ላይ እስከ 24 በመቶ ሊቆረጥ ይችላል። የእኛን የመጀመሪያ ክፍያ ልንገራችሁ። የተጠራቀመው 162 ዶላር ነበር፤ ከዚያ 90ው ከአሜሪካ ተመልካቾች የመጣ። የ90ው 30 በመቶ 27 ዶላር ነው፤ ቀረን 135። ቅጹ ባይሞላ ኖሮ ከ162ው ላይ ወደ 39 ዶላር ይሄድ ነበር። ቅጹ ከተፈረመበት ዓመት በኋላ ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ጊዜው ያልፋል፤ ቀኑን ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

ገንዘቡ የሚወጣው 100 ዶላር ሲሞላ ነው። የወሩ ገቢ ተጣርቶ የሚገባው በሚቀጥለው ወር ከ7 እስከ 12 ባለው ጊዜ ነው፤ ክፍያው ከ21 እስከ 26 ይላካል። ወሩ የፈረንጅ ነው። ስለዚህ የጃንዋሪ ሥራ ገንዘብ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይደርሳል፤ በመሐል «ተበላሁ» ብላችሁ አትደንግጡ። በስቱዲዮ የምታዩት ግምት ነው፤ ተጣርቶ ሲመጣ ሊቀንስ ይችላል።

ከእህቴ ወደ ደሴ የሚመጣው በባንክ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን በገበያ እንዲወሰን ስለፈቀደ የባንኩ ዋጋ ለጥቁር ገበያው ቀረብ ብሏል፤ በየሰው እጅ የሚላክበት ምክንያት ያን ያህል አልታየኝም። የባንክ ደረሰኝ ደግሞ ድርሻችንን ስንተሳሰብ ያገለግለናል።

አሁን ከፊታችን ያለው ነገር የእህቴ ውል ነው። ውሏ ሲያልቅ ወደ አገሯ ልትመለስ ትችላለች፤ ያኔ የዱባዩ አድሴንስ ይዘጋል። መዝጋት የሚሻለው የተጠራቀመው 100 ዶላር አልፎ ከወጣ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ እስከዚያ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባች አዲሱን እኔው ደሴ ላይ እከፍታለሁ። ካልገባች ኬንያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፤ እሱንም ከወዲሁ «ፓስፖርትህና የባንክ ስምህ አንድ ነው?» ብዬ ጠይቄዋለሁ።